ከዲፌንስ ስላይድ ወደ መልስ ንድፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት የምትከላከሉበት የዲፌንስ ስላይድ አልቋል። አማካሪያችሁም አይቶ "ይሁን" ብሏል። አሁን የቀረው ፈታኞቹ ምን ይጠይቁ ይሆን የሚለው ነው። የሚጠይቁትን አብዛኛውን ነገር ራሳችሁ ስላይዱ ላይ ጽፋችሁታል። ሥራው እሱን ፈልቅቆ ማውጣትና ከሥሩ አጭር መልስ ማስቀመጥ ነው፤ የመልስ ንድፍ የምለው ይህንን ነው። ከዚህ በታች ተመራቂዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤያለሁ።

ስላይዱን እያነበብኩ ደጋግሜ ብለማመድ አይበቃኝም?

አይበቃም። እንደዚያ ስትለማመዱ የምትለማመዱት ንግግር ነው፤ ጥያቄ የሚመጣው ደግሞ ከንግግሩ ውስጥ ከጎደለው ነው። መቶ ምናምን ገጽ ወደ 18 ስላይድ ሲጠብ መጀመሪያ ተቆርጦ የሚወድቀው "ለምን" የሚለው ክፍል ነው። ስላይዱ ላይ "ናሙና፦ 303" ይቀራል፤ ለምን 303 እንደሆነ ግን ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከእናንተም አእምሮ ቀስ እያለ ይጠፋል። ጽሑፉን ከጻፋችሁት ወራት አልፈዋላ።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የሃያ ደቂቃ ንግግሬን በቃሌ ይዤ ነበር የገባሁት። ከፈታኞቹ አንዱ ስላይድ 7 ላይ 214 የሚል ቁጥር አየ፣ ጽሑፌን ገለጠና "እዚህ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ 209 ይላል፣ የቱ ነው ትክክሉ?" አለኝ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አምስቱ መጠይቆች ግማሽ ተሞልተው ስለተመለሱ ከትንተናው አውጥቻቸዋለሁ። በደንብ የማውቀው ነገር ነው። ግን በዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ላቤ ብቻ ወጣ። የሦስት ሰከንድ መልስ ነበር፣ የትም ስላልጻፍኩት ጠፋኝ።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

የስላይዱን ጽሑፍ ብቻውን አውጡት። ሥዕሉ፣ ቀለሙ፣ ቀስቱ ሁሉ ይቅር። ዲዛይኑ እያለ ዓይናችሁ "ያምራል" እያለ ያልፈዋል እንጂ አይጠይቀውም።

ፓወርፖይንት ላይ `View > Outline View` ብትሉ ጽሑፉ በጎን በኩል ተደርድሮ ይመጣል። ወደ ወርድ መውሰድ ከፈለጋችሁ `File > Save As` ገብታችሁ ዓይነቱን `Outline/RTF` አድርጉት። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ በዚህ መንገድ የሚወጣው በስላይዱ የርዕስና የዝርዝር ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው። ራሳችሁ `Text Box` አስገብታችሁ የጻፋችሁት፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው፣ ግራፍ ላይ ያለው ቁጥር፣ ከስላይዱ ሥር ያስቀመጣችሁት ማስታወሻ አይመጣም። እንግዲህ አስቡት፣ ቁጥሮቻችሁ በአብዛኛው ያሉት ሠንጠረዥና ግራፍ ውስጥ ነው። ጥያቄ የሚበዛውም እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከአወጣችሁት በኋላ ስላይዶቹን አንድ በአንድ እያያችሁ የቀረውን በእጅ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ሥር አራት አምስት መስመር ባዶ ቦታ ተዉ። እኔ ታትሞ በእርሳስ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ሰው ጥያቄ ማውጣቱን ትቶ ስላይዱን ማሳመር ይጀምራል።

ከአንድ ስላይድ ጥያቄ የሚወጣው እንዴት ነው?

ሦስት ነገር ፈልጉ። ግሱን፣ ቁጥሩን፣ የጎደለውን።

በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለማሳያ ያህል እኔ የፈጠርኩት ጥናት ነው። ርዕሱ ነርሶች ሥራቸውን ለመልቀቅ እንዲያስቡ ከሚያደርጓቸው ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው። አራት ሆስፒታሎች፣ በጠቅላላው 1,240 ነርሶች፣ ናሙና 303፣ ተሞልቶ የተመለሰ መጠይቅ 271። የተፈተሹት አምስት ነገሮች የሥራ ጫና፣ የቅርብ ኃላፊ ድጋፍ፣ ዕውቅና፣ የዕድገት ዕድልና የደመወዝ እርካታ ናቸው። ትንተናው ሪግሬሽን ነው። 18 ስላይድ።

አሁን የውጤቱ ስላይድ ላይ "የሥራ ጫና የመልቀቅ ሐሳብን ይጨምራል" ተብሎ ተጽፏል እንበል። ግሱ "ይጨምራል" ነው። መረጃው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰበሰበው። ጫና ስለበዛበት ነው ሰውየው መልቀቅ ያሰበው፣ ወይስ ለመልቀቅ ስለወሰነ ነው ሥራው ሁሉ የከበደው? ከአንድ ጊዜ መጠይቅ ይሄን መለየት አይቻልም። ፈታኝ እዚህች ግስ ላይ ነው የሚይዛችሁ። በዚህ ጊዜ ጥያቄ ከማዘጋጀት በፊት ስላይዱን ማረም ይሻላል፤ "ከመልቀቅ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል" በሉት። የመልስ ንድፍ መሥራት አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፣ ሊመለስ የማይችል ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ ታገኛላችሁ።

"ያሳድጋል"፣ "ያስከትላል"፣ "አረጋግጧል"፣ "ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚሉትን ሁሉ በቀይ አክብቡ። በተለይ "ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚለውን። ፈታኙ እሱን ሲያይ አንድ ቀዳሚ ጥናት ፈልጎ ይዞላችሁ ይመጣል።

የናሙና ስላይድ ላይ ሁሌም ይጠይቃሉ ይባላል። እስቲ እሱን ሠርታችሁ አሳዩኝ።

እውነት ነው፤ ቁጥር ስላለው ለመጠየቅ ይመቻል። በምሳሌያችን ስላይድ 8 ላይ ያለው ይሄ ነው፦

```
n = N / (1 + N·e²)
n = 1240 / (1 + 1240 × 0.05²) = 1240 / 4.1 = 302.4 ≈ 303
```

ከዚህ በታች "የተመለሰ፦ 271 (89 በመቶ)" ይላል። በዚያች ስላይድ ብቻ ሦስት ጥያቄ አለ።

አንደኛው ቀላሉ ነው፤ "0.05 ከየት መጣ?" የሚፈቀደው የስህተት መጠን መሆኑን፣ ቀመሩም 95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃን ታሳቢ ያደረገ መሆኑን መናገር ይበቃል። አንድ መስመር ጽፋችሁ እለፉት።

ሁለተኛው ግን የሚያስደነግጠው ነው። "ይህ ቀመር የተሠራው ከሕዝብ ውስጥ ምን ያህሉ እንዲህ ነው ብሎ በመቶኛ ለመገመት ነው። አንተ የሠራኸው ሪግሬሽን ነው። ታዲያ ምን አገናኘው?" ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ "አማካሪዬ ነው ተጠቀም ያለኝ" ይላል፤ ባይል ይሻለው ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ፈታኙ ትክክል ነው፣ ቀመሩ የናሙናውን ዝቅተኛ መጠን ለመያዝ ነው ያገለገለው። ለሪግሬሽኑ መብቃቱን ደግሞ በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል። በብዙ ጥናቶች የሚጠቀስ የግሪን መመሪያ አለ፤ ሞዴሉን በጠቅላላ ለመፈተሽ ቢያንስ 50 + 8m፣ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ለየብቻ ለመፈተሽ ደግሞ 104 + m ሰው ያስፈልጋል ይላል። m የተለዋዋጮቹ ብዛት ነው። አምስት ተለዋዋጭ ላለው ጥናት 90 እና 109 ይመጣል። እኛ ያለን 271 ነው። አለቀ።

እርግጥ መመሪያው ግምታዊ ነው፤ የሚፈለገው ግንኙነት በጣም ደካማ ከሆነ ይሄም ላይበቃ ይችላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በመልሱ መጨረሻ አስቀምጧት። ፈታኙ ራሱ ሊላት ነበር፤ እናንተ ቀድማችሁ ካላችኋት የሚጨምረው የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስላይዱ ላይ አልተጻፈም። እሱ ነው ጥሩው። 303 በትናችሁ 271 ከተመለሰ፣ 32 ሰዎች የት ሄዱ? ጥናቱ ስለ ምን ነበር? ሥራ ስለመልቀቅ። እንግዲህ መጠይቁን ያልመለሱት በጣም የተሰላቹት ወይም በሂደት ላይ ሆነው ቦርሳቸውን ያዘጋጁት ቢሆኑስ? የለቀቁትማ ከጅምሩ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ 89 በመቶ ቁጥሩ ቢያምርም የጠፋው 11 በመቶ እንደማንኛውም 11 በመቶ አይደለም። መልሱን ስታዘጋጁ የምትችሉትን ፈትሹ፤ ያልመለሱት ከየትኛው ሆስፒታልና ክፍል እንደሆኑ ዝርዝር ካላችሁ ከመለሱት ጋር አነጻጽሩ፤ ዘግይተው የመለሱትንም ቀድመው ከመለሱት ጋር አወዳድሩ፣ ዘግይቶ የመለሰ ሰው ካልመለሰው ጋር ይቀራረባል በሚል እሳቤ። ልዩነት ካልታየ እሱን ተናገሩ። ከታየ ደግሞ ውጤታችሁ ወደየት ሊያዘነብል እንደሚችል ተናገሩ፤ እዚህ ላይ ምናልባት የመልቀቅ ሐሳብ ከእውነተኛው አንሶ ታይቶ ይሆናል። ይህን ያለ ተማሪ ሥራውን እንደሚያውቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ደካማ ውጤት አለኝ። ስላይዱ ላይ ባላወጣው አይሻልም?

ጽሑፉ ውስጥ አለ አይደል? ፈታኙ ያነበበው ጽሑፉን ነው። ስላይዱ ላይ ሲያጣው "ለምን ደበቀው" የሚል ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ስላይዱ ላይ የሌለ ቁጥር ሁሉ የራሱ ጥያቄ አለው ብላችሁ ያዙ።

በምሳሌያችን የአምስቱ መለኪያዎች አስተማማኝነት በክሮንባክ አልፋ ተፈትሿል። አራቱ ከ0.78 እስከ 0.86 ናቸው፤ "ዕውቅና" የሚለው ግን 0.62 ነው። የተለመደው መነሻ 0.70 ስለሆነ ጥያቄው እንደሚመጣ ቁርጥ ነው። "ለምን አላወጣኸውም?"

የመልስ ንድፉ እንዲህ ይሆናል። መለኪያው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ አልፋ ደግሞ በጥያቄዎቹ ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል። ሦስት ጥያቄ ይዞ 0.62 ማለት በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ ወደ 0.35 ገደማ ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ መጥፎ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዕውቅናን አውጥቼ ሞዴሉን ደግሜ ብሠራው R² ከ0.38 ወደ 0.37 ነው የወረደው፤ የሌሎቹ ውጤት አልተቀየረም። ሆኖም ስለ ዕውቅና ብቻውን ብዙ መደምደም አልፈልግም።

ያቺ "ደግሜ ብሠራው" የምትለዋን ካልሠራችኋት ዛሬ ሥሯት። ዲፌንሱ ሳይደርስ የሃያ ደቂቃ ሥራ ናት። ያልሠራችሁትን ግን ሠርቻለሁ እንዳትሉ። "ውጤቱን አሳየኝ" ይመጣል።

መላምቴ ካልተደገፈስ? የደመወዙ ነገር አስጨንቆኛል።

ይሄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው፣ ግን በመላምቱ ምክንያት አይደለም። በምሳሌያችን የደመወዝ እርካታ ከመልቀቅ ሐሳብ ጋር ያለው ግንኙነት p = 0.09 ሆኖ መላምቱ ሳይደገፍ ቀረ። ፈታኙ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ ደመወዝ ለነርስ ምኑም አይደለም እያልክ ነው?" ይላል። ጥያቄው ወጥመድ ነው። "አዎ" ካላችሁ ተያዛችሁ፤ "አይ፣ ያው ወሳኝ ነው" ካላችሁም ከራሳችሁ ውጤት ጋር ተጣላችሁ።

መረጃዬ ግንኙነቱን አላሳየም ማለት ግንኙነት የለም ማለት አይደለም። ንድፉ ላይ ይህችን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ጻፏት። ከሥሯ ማስረጃውን አስቀምጡ፤ የመተማመኛ ክልሉ ከ−0.22 እስከ 0.02 ነው፣ ዜሮን ነካ አድርጎ ቢያልፍም አብዛኛው ወደ አንድ ጎን ነው። ከዚያ ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ ነርሶቹ በተቀራራቢ የደመወዝ እርከን ላይ ናቸው፤ የእርካታ መልሳቸውም በአምስት ነጥብ መለኪያ ላይ መደበኛ ልይይቱ 0.41 ብቻ ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ከመለሰ መለኪያው ማንን ከማን ይለያል? ልዩነት በሌለበት ተዛምዶ አይታይም።

የባሰው ነገር የሚመጣው ግን ስላይድ 17 ላይ ነው። ምክረ ሐሳቡ "ሆስፒታሎቹ ደመወዝ ቢያሻሽሉ" ብሎ ይጀምራል። ያልተደገፈውን! ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰላችሁ። ምክረ ሐሳብ መጨረሻ ላይ በድካም ስለሚጻፍ ሰው ከውጤቱ ሳይሆን ከልቡ ይጽፈዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ጎን ከየትኛው ውጤት እንደመጣ የስላይዱን ቁጥር ጻፉ። ቁጥር ያጣ ምክረ ሐሳብ ካለ ሰርዙት።

"R² 0.38 ነው፤ የቀረው 62 በመቶስ?" ቢሉኝ?

ይላሉ። ሞዴሉ ያልያዛቸው ነገሮችና የመለኪያ ስህተት ነው በሏቸው። ሌላ ቦታ ሥራ የማግኘት ዕድል፣ የቤተሰብ ሁኔታ የመሳሰሉት አልተለኩም። ግን ስትሉ ተጠንቀቁ፤ "የቤተሰብ ሁኔታ" ባላችሁ ቅጽበት "ታዲያ ለምን አልለካኸውም?" ይመጣል። እያንዳንዱ መልስ የራሱ በር አለው፣ በከፈታችሁት በር ነው የሚገቡት። ስለዚህ ንድፉ ላይ ከመልሱ ሥር አንድ ተከታይ ጥያቄ ጻፉ። አንድ ብቻ። ሦስትና አራት ደረጃ ከወረዳችሁ ዲፌንሱ አልፎ እናንተ ገና እየጻፋችሁ ነው።

ጥያቄዎቼ 47 ደረሱ። ይሄን ሁሉ መቼ ላጠና ነው?

አታጠኑትም። 47 ጥያቄ 47 መልስ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ተመሳሳይ መልስ ያላቸውን ሰብስቡ። "ለምን አራት ሆስፒታል ብቻ?"፣ "ውጤቱ ለሌሎች ይሠራል?"፣ "ለምን የግል ተቋማትን አላካተትክም?" ሦስቱም አንድ መልስ ነው የሚፈልጉት፤ የጥናቱ ወሰን የት እንደሚቆምና ለምን። "ይጨምራል" በሚለው ግስ ላይ የወጣው፣ "ለምን ቁመታዊ ጥናት አልሠራህም" የሚለው፣ "መጀመሪያ የቱ ነው" የሚለው ደግሞ ሌላ አንድ መልስ ናቸው። እንዲህ ስታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 መልስ ይቀራችኋል። ያንን ሰው ይይዘዋል።

ሲሰበሰቡ አንድ ሌላ ነገርም ታያላችሁ። አንዱ ክምር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ፈታኞቹ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው፤ ከዝግጅት ጊዜያችሁም ትልቁን ለእሱ ስጡት። መግቢያ ስላይድ ላይ የሚመጣ ጥያቄ በአብዛኛው ለመሟሟቂያ ነው፣ ብዙ አትድከሙበት።

ከስላይዱ የማይወጡ ሁለት ሦስት ጥያቄዎችም አሉ፤ "ሥራህን በሁለት ደቂቃ አስረዳን"፣ "ምን አዲስ ነገር ጨመርክ?"፣ "ዛሬ ብትጀምረው ምን ትቀይራለህ?" የሚሉት። የመጨረሻው ላይ "ምንም" እንዳትሉ ብቻ።

እያንዳንዱ መልስ ምን ይምሰል? ስንት መስመር?

አራት መስመር። የመጀመሪያው ቀጥተኛው መልስ ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው ምክንያቱ፣ ሦስተኛው ማስረጃው ከነገጹ፣ አራተኛው ወሰኑ። ከመጀመሪያው በስተቀር ሌሎቹ ቁልፍ ቃል ብቻ ይሁኑ። የቅድሙ የናሙና ጥያቄ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይቀመጣል፦

*ጥያቄ፦ ቀመሩ ለመቶኛ ግምት ነው፤ ለሪግሬሽን ይበቃል ወይ?*
መልስ፦ አዎ ይበቃል፣ ቀመሩ ዝቅተኛውን መጠን ለመያዝ ነው፤ ለሪግሬሽኑ ለብቻው አመሳክሬያለሁ።
ምክንያት፦ 5 ተለዋዋጭ → 90 እና 109።
ማስረጃ፦ 271 ተንትኗል፤ ገጽ 44፣ ሠንጠረዥ 3.2፤ ስላይድ 8።
ወሰን፦ ግምታዊ መመሪያ፤ በጣም ደካማ ግንኙነት ካለ ላይታይ ይችላል።
ተከታይ፦ ስንቱን በየሆስፒታሉ? → ተጠባባቂ ስላይድ 21።

ከአፋችሁ ሲወጣ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ከዚያ ካለፈ ለመጠየቅ ሌላ ነገር እየሰጣችሁ ነው።

የመጀመሪያዋን መስመር ለምን ሙሉ ጻፉ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሰው ሲደነግጥ የሚጠፋው መነሻው ነው። አንዴ ከጀመረ የቀረው ይመጣል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን መልስን ከታሪኩ መጀመር እንወዳለን፤ "በመጀመሪያ መረጃ ስንሰበስብ..." እያልን እንዞራለን፣ ፈታኙ ግን አዎ ወይም አይደለም የሚለውን እየጠበቀ ነው።

የገጽ ቁጥሩን ስትጽፉ ታትሞ ከተጠረዘው ቅጂ ላይ ውሰዱ። ፒዲኤፉ ላይ ሽፋኑና ማውጫው ስለሚቆጠሩ ቁጥሩ አይገጥምም። "ገጽ 44" ብላችሁ ፈታኙ ሲገልጠው ሌላ ነገር ካገኘ ትንሽ ነገር ቢሆንም ያስቸግራል።

ጥናቴ በቃለ መጠይቅ ነው፣ ቁጥር የለኝም። ይሄ ለኔ ይሠራል?

ይሠራል፤ ቁጥሩን የሚተካው የአሠራር ቃል ነው። "14 ሰዎች" ካላችሁ "ለምን 14 ላይ ቆምክ?" አለ። "ጭብጦች ተለይተዋል" ካላችሁ "ማን ለየው? ሌላ ሰው አይቶታል? ሐሳብህን የሚቃረን የተናገረስ ሰው ነበር?" አለ። ለመጨረሻው ከጽሑፋችሁ አንድ ተቃራኒ የተናገረ ተሳታፊ ከነቃሉ ይዛችሁ ግቡ። አዲስ ነገር መባሉ በቆመበት ሰዓት ቆምን ካላችሁም ከስንተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ አዲስ ጭብጥ እንዳልመጣ መናገር መቻል አለባችሁ።

ተጠባባቂ ስላይድ የሚባለው ምንድን ነው? ስንት ይሁን?

"አመሰግናለሁ" ከሚለው በኋላ የምታስቀምጡት፣ ካልተጠየቀ የማይታይ ስላይድ ነው። ብዙ አታብዙት፤ ሠንጠረዥ ካላዩ የማይገቡ መልሶች ብቻ ናቸው ስላይድ የሚፈልጉት። በምሳሌያችን ሦስት ይበቃሉ፤ ሙሉው የሪግሬሽን ሠንጠረዥ፣ ያለ ዕውቅና የተሠራው ሞዴል፣ በየሆስፒታሉ የተበተነና የተመለሰ መጠይቅ።

ቁጥራቸውን ንድፉ ላይ ጻፉ። ፓወርፖይንት ሙሉ ስክሪን ላይ እያለ የስላይዱን ቁጥር ተይባችሁ `Enter` ስትጫኑ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ `Hide Slide` ያደረጋችሁትም ቢሆን ይከፈታል። ፈታኞቹ እያዩ ስላይዱን አንድ በአንድ ከመጠቅጠቅ ይገላግላል። ስላይድ ከጨመራችሁ ወይም ከቀነሳችሁ ግን ቁጥሮቹ ይዘዋወራሉና ንድፉን መጨረሻ ላይ አንዴ አስተካክሉት።

በቃሌ ልያዘው?

በፍጹም። በቃል የተያዘ መልስ ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲል ይሰበራል። ይልቅ ወረቀቱን ለጓደኛ ስጡና ጥያቄዎቹን እያጣመመ ይጠይቃችሁ። "ለምን 303?" ብሎ እንደመጠየቅ "ይሄ ናሙና አልበዛም?" ይበላችሁ። መልሱ ያው ነው፣ መግቢያው ግን ሌላ። ከዘርፋችሁ ውጪ የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አውቃለሁ ብሎ አያልፋችሁም። መልሳችሁን ሰምቶ ካልገባው የመጀመሪያዋ መስመር መስተካከል አለባት።

ያላዘጋጀሁት ቢመጣስ?

ይመጣል፤ አንድ ሁለቱ የግድ ነው። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ጥያቄው ካልገባችሁ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ጠይቁ፤ "ስለ ናሙናው አመራረጥ ነው ወይስ ስለ ብዛቱ?" ያልሠራችሁት ነገር ከሆነ አልሠራሁትም በሉና ብትሠሩት ውጤቱ ላይ ምን ሊቀይር እንደሚችል ጨምሩ። ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ "ይሄን አላየሁትም፣ ልመዝግበው" ብላችሁ እውነትም ጻፉት፤ የማስተካከያ ዝርዝር ሲሰጣችሁ እዚያ ውስጥ መሆኑ አይቀርም።

መላ መምታት ግን ይቅርባችሁ። ፈታኙ መልሱን እያወቀ ነው የሚጠይቀው።

ንድፉን አዳራሽ ውስጥ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ብዙ ቦታ ማስታወሻ መያዝ ችግር የለውም፤ የትምህርት ክፍላችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተፈቀደ ሁሉንም አትያዙ። በአንድ ገጽ ላይ የ15ቱን መልሶች የመጀመሪያ መስመርና የገጽ ቁጥር ብቻ ጻፉ፣ ፊደሉ ቆማችሁ የሚነበብ ይሁን። የተጠረዘውን ጽሑፍም ይዛችሁ ግቡ፤ በንድፉ ላይ የጠቀሳችኋቸው ገጾች ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጥፉ፣ ላዩ ላይ የሠንጠረዡን ቁጥር ጻፉበት። በዲፌንሱ ዋዜማ ማታ ደግሞ ስላይዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ከጽሑፉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። 214 እና 209 ዓይነት ነገር ካገኛችሁ ወይ አስተካክሉት፣ ወይ ልዩነቱን የሚያስረዳውን አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ ጨምሩ።